«52 በመቶ» የምን 52 በመቶ ነው?

«ሰላም ጋሼ። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በጋዜጠኝነት ተመርቄ እዚሁ ባሕር ዳር ሥራ እየፈለግሁ ነው። አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ለሪፖርተርነት ፈትኖኝ ነበር። ለፈተና የተዘጋጀ የአንድ ምርጫ ጣቢያ የውጤት ቅጽ ሰጡን፤ የከተማ ምክር ቤት ምርጫ ነው። የተመዘገበ 1,120፣ ከሳጥን የወጣ 904፣ ዋጋ ያለው 871፣ ዋጋ የሌለው 33፣ እጩ ሀ 452፣ እጩ ለ 419። እጩ ለ በቴሌግራም ‹ወኪሌ ቆጠራ ላይ እንዳይገኝ ተከልክሏል፣ ውጤቱ ተጭበርብሯል› ብሏል። የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ በስልክ ‹ምርጫው ሰላማዊ ነበር› ብሏል ተባልን። እኔ ‹እጩ ሀ በ52 በመቶ አሸነፈ፤ 81 በመቶ ሕዝብ ድምፅ ሰጠ› ብዬ የሁለቱንም ቃል አስገባሁ። ‹ሚዛንና ምንጭ ይጎድለዋል› ብለው ጣሉኝ። ሁለቱንም ወገን አስገብቼ ሚዛን እንዴት ይጎድላል? በቅርቡ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ፈተና አለኝ።»

እህቴ፣ ሒሳብሽ ላይ ችግር የለም። ችግሩ ያለው በርዕስሽ ውስጥ ባሉ ሦስት ቃላት ላይ ነው፦ «አሸነፈ»፣ «በመቶ» እና «ሕዝብ»። የሚዛኑን ነገር መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ፤ ቁጣሽም ያለው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ከ«አሸነፈ» እንጀምር። የያዝሽው የአንድ ጣቢያ ቅጽ ነው። በእኛ አገር አንድ ጣቢያ ቢበዛ 1,500 መራጭ ነው የሚመዘግበው፤ አንድ የምርጫ ክልል ደግሞ ብዙ ጣቢያዎች አሉት። ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ጣቢያው ውስጥ ነው፣ ውጤቱም በር ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ቅጹ ወደ ምርጫ ክልሉ ይሄድና ከሌሎቹ ጋር ይደመራል። የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ምርጫ ቦርድ ነው። በ2013ቱ አገር አቀፍ ምርጫ ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14 ነበር፣ ቦርዱ ውጤቱን ያሳወቀው ግን ሐምሌ 3 ነው። በመሀል ያለው ጊዜ በሙሉ «አሸነፍን» የሚሉ ፖስቶች የሚርመሰመሱበት ነው፤ ሪፖርተር የሚያስፈልገውም ያኔ ነው።

ስለዚህ የምትጠቀሚው ግስ የውጤቱን ደረጃ መናገር አለበት። በአንድ ጣቢያ ቅጽ ላይ ሲሆን «በዚህ ጣቢያ ብልጫ አገኘ» በይ። ጥቂት ጣቢያዎች ከገቡ «ከ40 ጣቢያዎች የ9ኙ ሲደመር እየመራ ነው» ማለት ትችያለሽ፣ ግን የገቡትና የቀሩት ቁጥር ሁልጊዜ አብሮ ይሄዳል። «አሸነፈ» የሚለውን ያሳወቀው አካል ስም ሳይኖር አትጻፊው።

የገቡት ጣቢያዎች የትኞቹ እንደሆኑም ጠይቂ። ይሄን በጣና ዳር ያለ ሰው ከማንም ይበልጥ ማወቅ አለበት። የአስፋልት ዳር ጣቢያ ውጤት ማምሻውን ስልክሽ ላይ ይደርሳል፤ ከደቅ ደሴት የሚመጣ ሰነድ ግን ጀልባ ይጠብቃል፣ ማዕበል ካለ ደግሞ ይበልጥ ይዘገያል። ከተሜውና የሐይቁ ዳር ገበሬው የሚመርጡት ሰው የተለያየ ከሆነ የመጀመሪያው ሰዓት መሪ ሲነጋ ሊቀየር ይችላል። ቀድመሽ «እስካሁን የገቡት በአብዛኛው የከተማ ጣቢያዎች ናቸው» ብለሽ ካልተናገርሽ፣ መሪው ሲቀየር አድማጩ የሚያስበው ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ፦ ሌሊት ኮሮጆ ተገለበጠ።

አሁን ወደ «52 በመቶ»። እጩ ሀ ያገኘው 452 ዋጋ ካለው 871 ሲሰላ 51.9 በመቶ ነው። ከሳጥን ከወጣው 904 ሲሰላ ልክ 50 በመቶ። ከተመዘገበው 1,120 ሲሰላ ደግሞ 40.4 በመቶ። ሦስቱም እውነት ናቸው። የእጩ ሀ ሰዎች 52ን ይለጥፋሉ፣ የእጩ ለ ሰዎች «ከተመዘገበው ሕዝብ 60 በመቶው አልመረጠውም» ይላሉ፣ ማንም አልዋሸም። አንቺ አንዱን መርጠሽ «ከምን» የሚለውን ስትተይ ሳታውቂው የአንዱ ወገን ቃል አቀባይ ሆነሻል። የተለመደው መለኪያ ዋጋ ካለው ድምፅ ነው፤ እሱን ያዢ፣ ግን «ዋጋ ካለው ድምፅ» ብለሽ ጻፊ። ለነገሩ ለአንድ ጣቢያ በመቶኛም አያስፈልግም። «452 ለ419» ይበቃል፣ ለሬዲዮ ጆሮም ይቀላል።

ደግሞ አንድ ወጥመድ ነበረበት፣ አላየሽውም መሰለኝ። የሁለቱ ልዩነት 33 ነው፣ ዋጋ የሌለው ድምፅም 33 ነው። ቸኩሎ የሚጽፍ ሰው «ውድቅ የተደረገው ድምፅ ውጤቱን ወሰነ» ይላል። አልወሰነም። 33ቱም አንድ ሳይቀር ለእጩ ለ የታሰቡ ቢሆኑ እንኳ ውጤቱ እኩል ይሆን ነበር እንጂ አይገለበጥም ነበር። ጥያቄ ማንሳት ግን ትችያለሽ፦ ለምን ውድቅ ሆኑ? ባዶ ነበሩ? ሁለት ቦታ ምልክት ተደርጎባቸው ነበር? ይሄን የሚመልሰው የጣቢያው ኃላፊ ነው።

«81 በመቶ ሕዝብ» የሚለው ይበልጥ ያስቸግራል። 904ን ለ1,120 ስታካፍዪ 80.7 ይመጣል፣ እሺ። ግን 1,120ው የአካባቢው ሕዝብ አይደለም። እድሜው 18 የሞላው ነዋሪ ሁሉም አይደለም። ሄዶ ተመዝግቦ ካርድ የወሰደ ሰው ቁጥር ነው። በአንድ ሰፈር ለመመዝገብ ከሚችሉት ግማሾቹ ብቻ ተመዝግበው እነሱ በሙሉ ቢመርጡ ቅጹ ላይ «100 በመቶ» ይወጣል። «ታዲያ ለመምረጥ ብቁ ከሆነው ሰው ስንት በመቶ ልበል?» ካልሽኝ፣ አትበይ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተደረገው በ1999 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው፣ ባሕር ዳር ደግሞ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰፈር እንደጨመረች ታውቂያለሽ። ግምት መጥቀስ ግድ ከሆነ የማን ግምት እንደሆነና የየትኛው ዓመት እንደሆነ ተናግረሽ ነው። አለበለዚያ «ከተመዘገቡት መራጮች» በይና እለፊ።

ከእጩዎች ድምፅ ድምር ላይ ተነስተሽ የመራጭ ቁጥር አታስዪ። አንድ መራጭ ሁለት ወረቀት በሚሰጥበት ምርጫ፣ ወይም ለብዙ መቀመጫ ከአንድ እጩ በላይ መምረጥ በሚቻልበት ምክር ቤት፣ የእጩዎቹ ድምፅ ድምር ከሰዉ ቁጥር ይበልጣል። ይሄን ሳያውቅ «ከተመዘገበው በላይ ድምፅ ተሰጠ!» ብሎ የሚጮህ ብዙ ነው።

በይ ወደ ሚዛኑ። እጩ ለ ምን አለ? ወኪሌ ተከለከለ። ኃላፊው ምን አለ? ሰላማዊ ነበር። ይሄ መልስ አይደለም። ወኪል በር ላይ ተከልክሎም ቀኑ ሰላማዊ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን ስታስቀምጪ ክርክር ያለ ይመስላል እንጂ አንዱ የጠየቀውን ሌላው አልመለሰም። ፈታኞቹ «ሚዛን ይጎድለዋል» ያሉት ይሄን ይመስለኛል፣ እኔም ብሆን እጥልሽ ነበር።

እጩ ለ ያለው ሁለት ነገር ነውና መጀመሪያ ለዪያቸው። «ወኪሌ ተከለከለ» ሊጣራ የሚችል ነገር ነው። «ተጭበርብሯል» ግን ድምዳሜ ነው፤ ወኪሉ ተከልክሎ እንኳ ቆጠራው ትክክል ሊሆን ይችላል። ከዚያ የመጀመሪያውን አጣሪ። ለእጩው ደውዪ፦ የትኛው ጣቢያ፣ ስንት ሰዓት፣ ወኪሉ ማን ነው፣ ማን ከለከለው፣ ቅሬታ በጽሑፍ አስገብታችኋል? ወኪሉን ራሱን አናግሪ፤ ያየው እሱ ነው፣ እጩው የነገሩትን ነው የሚያወራው። ከዚያ ወደ ኃላፊው ተመለሺና «ሰላማዊ ነበር ወይ?» ሳይሆን «የእጩ ለ ወኪል ቆጠራው ላይ ነበር ወይ? ካልነበረ ለምን?» በይው። እዚያ የዋለ የሲቪክ ማኅበር ታዛቢ ካለ እሱንም።

ቅጹንም እስከ ታች አንብቢው። የውጤት ቅጽ ላይ በቆጠራው የተገኙ ወኪሎች የሚፈርሙበት ቦታ አለ። የእጩ ለ ወኪል ፊርማ ካለ ክሱ ከባድ ጥያቄ ይነሳበታል፣ ያንን ይዘሽ እጩውን መልሰሽ ትጠይቂዋለሽ። ፊርማው ከሌለ ግን ተከልክሏል ማለት አይደለም፤ አልፈርምም ብሎ ይሆናል፣ ቀድሞ ወጥቶ ይሆናል፣ ከነጭራሹ አልመጣም ይሆናል። «በቅጹ ላይ የወኪሉ ፊርማ የለም» ማለት ትችያለሽ፣ ከዚያ አታልፊ። በቴሌግራም የሚዞር የቅጽ ፎቶ ሲደርስሽም እንደዚሁ ነው። የጣቢያው ስምና ቁጥር፣ ፊርማው፣ አራቱም ጠርዝ ይታያል? ግማሹ ከተቆረጠ ሄደሽ በር ላይ ያለውን አንብቢ።

ፈተና ክፍል ውስጥ መደወል አይቻልም፣ ገባኝ። ያኔ ያልታወቀውን በግልጽ ትጽፊዋለሽ። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦

«በከተማው ምክር ቤት ምርጫ በአንድ ጣቢያ የውጤት ቅጽ መሠረት እጩ ሀ 452፣ እጩ ለ 419 ድምፅ አግኝተዋል። ይህ የአንድ ጣቢያ ውጤት ብቻ ሲሆን የምርጫ ክልሉን አሸናፊ አያሳይም። በጣቢያው ከተመዘገቡት 1,120 መራጮች 904ቱ ድምፅ ሰጥተዋል፤ 33 ድምፅ ዋጋ የለውም ተብሏል። እጩ ለ በቴሌግራም ባሰፈሩት ጽሑፍ ወኪላቸው በቆጠራው እንዳይገኝ መከልከሉን ገልጸው ውጤቱ ተጭበርብሯል ብለዋል። ጽሑፉ ማን እንደከለከለና በስንት ሰዓት እንደሆነ አይገልጽም። የጣቢያው ኃላፊ በስልክ ምርጫው ሰላማዊ እንደነበር ተናግረዋል፤ በዚህ ምላሻቸው ስለ ወኪሉ ያነሱት ነገር የለም።»

ከሥሩ ደግሞ ለአዘጋጁ ሁለት መስመር ማስታወሻ ጨምሪ፦ ከመተላለፉ በፊት ለእነማን ልደውል፣ ምን ልጠይቅ። ማንም አይከለክልሽም። ፈታኙም ዜናሽን ብቻ ሳይሆን ነገ ጠዋት ምን እንደምታደርጊ ያያል።

እስከዚያ ለመለማመድ የ2013ቱን የባሕር ዳር ውጤት ፈልጊና ሦስት ዓይነት ዜና ጻፊበት፦ ለሬዲዮ 40 ሰከንድ፣ ለጋዜጣ አንድ አምድ፣ ለቴሌግራም አምስት መስመር። የእያንዳንዱን ቁጥር ምንጭ ኅዳግ ላይ አስፍሪ፤ ወረቀቱንም ለሥራ ስታመለክቺ አያይዢው። ቀጣዩ ፈተና ላይ የስልክ ካልኩሌተር የሚፈቅዱ አይመስለኝም፣ አንድ ተራ ካልኩሌተር ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።