ከመጨረሻው ቃለ መጠይቅ በኋላ በምስጋና ደብዳቤ የበጀቱን ጥያቄ ማንሳት

ጥያቄ፦ «እዚህ ሐዋሳ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ለፕሮጀክት ኦፊሰርነት ተወዳድሬ ትናንት ከሰዓት በኋላ በመጨረሻው ቃለ መጠይቅ አራት ሰዎች ፊት ቀረብኩ። 120 ወጣቶችን በ3 ዙር፣ እያንዳንዱን ዙር ለ5 ቀን የሚያሠለጥን የ600,000 ብር በጀት አሳይተውኝ የምግብና የትራንስፖርት ዋጋ በ20 በመቶ ቢጨምር፣ ተጨማሪ ገንዘብም ባይገኝ ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። የሠልጣኞችን ቁጥር እቀንሳለሁ አልኩ። የፋይናንስ ኃላፊዋ ‹ስንት ሰው?› ሲሉኝ ‹ሃያ ያህል› ብዬ መለስኩ፤ ከወጣሁ ጀምሮ ነገሩ ያብሰለስለኛል። የበጀቱ ዝርዝር እንደማስታውሰው አዳራሽ በቀን 6,000 ብር፣ አሠልጣኝ በቀን 5,000፣ ምሳና ሻይ ለአንድ ሰው በቀን 400፣ ትራንስፖርት ለአንድ ሰው በቀን 200፣ የጽሕፈት መሣሪያ ለአንድ ሰው 300፣ ቀሪው መጠባበቂያ ነበር። የምስጋና ደብዳቤ ብጽፍ ይህን ጥያቄ ላንሳው ወይስ ባልነካው ይሻላል?»

መልስ፦ ያንሱት፤ ነገር ግን በሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ፣ ዛሬውኑ፣ ያውም ስሌቱን በወረቀት ላይ ሠርተው ካረጋገጡ በኋላ ይሁን። ሌላው ጥሩ ከነበረ ኮሚቴው ነጥብ ሲደምር ስለ እርስዎ የሚከራከርበት ነገር ይህ መልስ መሆኑ አይቀርም፤ ስለዚህ ጥያቄውን የማይነካ ምስጋና መላክ ጨዋነት ቢሆንም ለዚህ ጉዳይ ብዙም አይረዳዎትም።

ስሌቱን አብረን እንሥራው። አዳራሹ ለ15 ቀን 90,000 ብር፣ አሠልጣኙ 75,000፣ ምሳና ሻይ 240,000፣ ትራንስፖርት 120,000፣ የጽሕፈት መሣሪያ 36,000 ሲሆን ድምሩ 561,000 ይመጣል፤ ስለዚህ መጠባበቂያው 39,000 ብር ነበር ማለት ነው። ጭማሪው የሚነካው ምግብንና ትራንስፖርትን፣ ማለትም 360,000 ብሩን ብቻ ስለሆነ ሃያ በመቶው 72,000 ብር ነው። መጠባበቂያው ይህን ሲሸፍን ጉድለቱ 33,000 ብር ብቻ ይሆናል። በአዲሱ ዋጋ አንድ ሠልጣኝ ለአምስቱ ቀን ምሳ 2,400፣ ትራንስፖርት 1,200፣ መጻፊያው 300፣ በጠቅላላ 3,900 ብር ያወጣል፤ እንግዲህ የሰው ቁጥር በመቀነስ ብቻ ጉድለቱን ለመሙላት ቢፈለግ እንኳ የሚበቃው 9 ሰው ነው። እርስዎ ሃያ ሲሉ መጠባበቂያውን ከነጭራሹ ረስተውታል ማለት ነው፤ የ72,000 ብሩን ጭማሪ በሙሉ ለ3,900 ቢያካፍሉት የሚመጣው 19 ገደማ ነውና። «ስንት ሰው?» የሚለው ጥያቄም እንዲህ ያለውን ነገር ለማውጣት የተወረወረ ይመስለኛል።

ከዚህም በላይ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሁለት ዓይነት ወጪ አለ። ምሳ፣ ትራንስፖርትና መጻፊያ ሰው ሲቀንስ ይቀንሳሉ፤ አዳራሽና አሠልጣኝ ግን 40 ሰው ቢገባም 31 ሰው ቢገባም በቀን ያው 11,000 ብር ናቸው፤ የሚቀንሱት ዙር ሲቀንስ ብቻ ነው። ሦስቱ ዙር ወደ ሁለት ዙር ተጠቃሎ በየዙሩ 60 ሰው ቢገባ 55,000 ብር ይተርፋል፤ ይህም አንድም ወጣት ሳይቀነስ ጉድለቱን ሸፍኖ 22,000 ብር ያስቀራል። በእርግጥ ስልሳ ሰው የሚችል አዳራሽ በዚያው ዋጋ መገኘቱ መጣራት አለበት፤ ሥልጠናው በእጅ የሚሠራ ሙያ ከሆነ ደግሞ አንድ አሠልጣኝ ስልሳ ሰው ሊቆጣጠር አይችልም። እንዲሁም በብዙ የለጋሽ ውሎች ከአንድ የበጀት መደብ ወደ ሌላው የሚዛወር ገንዘብ ከተወሰነ መጠን ካለፈ በጽሑፍ ፈቃድ ማግኘትን ይጠይቃል፤ የታቀደውን የሠልጣኝ ቁጥር መቀነስማ ከውሉ ዓላማ ጋር የሚጋጭ ስለሆነ ከሁሉ የከበደ ለውጥ ነው።

ይህ ሁሉ ግን ደብዳቤው ውስጥ አይገባም። ቁጥሮቹን ከዘረዘሩ ፈተናውን በቤትዎ ደግመው የተፈተኑ ይመስላሉ፤ ከማስታወስ የጻፉት አንድ አኃዝ ቢሳሳት ደግሞ ሁለተኛ ስህተት በእጅዎ ጽፈው ላኩ ማለት ነው። የሁለት ዙሩንም ሐሳብ እንደ መፍትሔ አያቅርቡት፤ የአዳራሹንም የሥልጠናውንም ሁኔታ አያውቁትምና። መግባት ያለበት የአስተሳሰብዎ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«ለተከበራችሁ የቃለ መጠይቅ ኮሚቴ አባላት፣

ትናንት ለፕሮጀክት ኦፊሰር የሥራ መደብ በተደረገው ቃለ መጠይቅ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስላነጋገራችሁኝ አመሰግናለሁ። በተለይ በሥልጠናው በጀት ላይ የምግብና የትራንስፖርት ዋጋ ቢጨምር ምን ሊደረግ እንደሚገባ የተነሳውን ጥያቄ ከወጣሁ በኋላም አሰላስዬዋለሁ። በቦታው የሠልጣኞችን ቁጥር መቀነስን አስቀድሜ ነበር፤ ስሌቱን በእርጋታ ስመለከተው ግን በቅድሚያ መጠባበቂያውን፣ ቀጥሎም በየዙሩ የሚደጋገሙትን የአዳራሽና የአሠልጣኝ ወጪዎች ማየት፣ ለውጡንም ለለጋሹ አስቀድሞ ማሳወቅ እንደሚሻልና የሠልጣኞች ቁጥር የመጨረሻው አማራጭ መሆን እንዳለበት ተረድቻለሁ። ለሥራው ያለኝ ፍላጎት የጸና ነው፤ ተጨማሪ ማስረጃ ካስፈለገ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር»

«ደንግጬ ነው» ወይም «ጥያቄው ግልጽ አልነበረም» የሚል ቃል እንዳይጨምሩበት። የመጀመሪያውን መልስዎን ሳይክዱ በአንድ ሐረግ መጥቀስዎ ግን አስፈላጊ ነው፤ ኮሚቴው ሃያ ያሉትን ጽፎ ይዞታልና፣ ምንም እንዳልተባለ አስመስለው አዲስ መልስ ቢያቀርቡ ይታዘብዎታል። ቃለ መጠይቁ የተካሄደው በእንግሊዝኛ ከነበረ ደብዳቤውም በዚያው ይሁን።

የሚልኩት ለቃለ መጠይቅ በጠራዎት የሰው ሀብት ክፍል ኢሜይል ሲሆን ለኮሚቴው እንዲተላለፍልዎ በአንድ መስመር ይጠይቁ። የኃላፊዋን የግል ስልክ አፈላልገው በቴሌግራም መጻፍ፣ ወይም ከተማው ትንሽ ነውና የሚያውቃቸውን ሰው ማማለድ፣ ምስጋናውን ወደ ደጅ ጥናት ይለውጠዋል። ለመንግሥት መሥሪያ ቤት የተወዳደሩ ቢሆን ኖሮ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ በዚያ ኮሚቴው ነጥቡን በቅጽ ላይ ሞልቶ ስለሚፈርም እንዲህ ያለው ደብዳቤ ምንም ላይጨምር፣ እንዲያውም ጫና ለማሳደር እንደተሞከረ ሊቆጠር ይችላል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ቃለ መጠይቅ ያደረገ ኮሚቴ ነጥቡን ለመደመር ዛሬ ወይም ነገ ሊሰበሰብ ስለሚችል ደብዳቤው ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ቢደርስ ይመረጣል። ምላሽ ካልመጣ ሁለተኛ ደብዳቤ አይላኩ፤ ውጤቱን እናሳውቃለን ያሉት ቀን ካለፈ በኋላ ለሰው ሀብት ክፍሉ ደውለው ሂደቱ የት እንደደረሰ ብቻ ይጠይቁ፤ የበጀቱን ጥያቄ ግን በስልክ አያንሱት።