ሜኑው ላይ «ማኅበራዊ» ይላል፤ ምን ብዬ ልተርጉመው?

«ደሴ ያለ ምግብ ቤት የሜኑውን ፎቶ ልኮ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉሚልን አለኝ። በስልክ ካሜራ ብሞክረው ምንቸት አብሽን የድስት አብሽ፣ ማኅበራዊን ደግሞ ሶሻል አለልኝ። አቻ ቃል የሌላቸውን ምን ላድርጋቸው?»

አብሽሪ እህቴ። እኔም ኮምቦልቻ ለሁለት ምግብ ቤቶች ሠርቻለሁ። የመጀመሪያውን ዛሬ ሳየው አፍራለሁ።

ስሙን አትተርጉሚው። በላቲን ፊደል እንደሚነገረው ጻፊው። እንግዳው አስተናጋጁን ጠርቶ የሚያዘው በዚያ ስም ነው። የተተረጎመ ስም ቢጠራ አስተናጋጁም ወጥ ቤቷም አያውቁትም። የምትተረጉሚው ከስሙ ሥር የሚገባውን አንድ መስመር ነው፤ እሱም ሳህኑ ላይ ያለውን ይናገር። ምንቸት አብሽ ስሙ የሚያወራው ስለ ማሰሮና ስለ አብሽ ነው። የሚበላው ግን ደቆ የተከተፈ የበሬ ሥጋ ወጥ ነው። ስሙን ብቻ ስትተረጉሚ ሥጋው ጠፋ። ማኅበራዊም እንዲሁ፤ የጾሙም የፍስኩም ወጥ ባንድ ትሪ የሚቀርብበት ነው። የትኞቹ ወጦች እንደሚገቡ ግን ከቤት ቤት ስለሚለያይ ሳትጠይቂ አትዘርዝሪ።

እኔን ያሳፈረኝ ቦዘና ሽሮ ነው። «ሽሮ»ን ሳይ እጄ ዝም ብሎ «የሽምብራ ዱቄት ወጥ» ብሎ ጻፈ። ለኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራ የመጣ ሥጋ የማይበላ ህንዳዊ እንግዳ አዘዘው። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ጥርሱ ሥጋ አገኘ። ቦዘና ማለት እኮ ሥጋ የገባበት ሽሮ ነው! እኛ ስለምናውቀው አናስበውም። ባለቤቱ ሂሳቡን ተወለት፤ ለእኔ ግን ደውሎ የልቡን ነገረኝ። ተራው ሽሮም ቢሆን በቅቤ ከተሠራ ወተት የማይነካ ሰው አይበላውም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሽሮ ሥር በዘይት ነው በቅቤ የሚለውን አስገቢ።

ሌላው «የጾም» የሚለው ቃል ነው። ቃል በቃል ተርጉሜው አንዱ እንግዳ «ከበላሁ ምኑን ጾምኩ?» ብሎ ሳቀ። ሙስሊሙ እንግዳ ደግሞ የኢፍጣር ምግብ መስሎት ነበር። ወሎ ውስጥ ሁለቱም ጾም ጎረቤት ነውና አይፈረድበትም። አሁን የምጽፈው «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት» ብዬ ነው። ዓሣ ግን በአንዳንድ ቤት ከጾም ምግብ ጋር ስለሚቀርብ ለብቻው ጠይቂ። ሥጋው የሙስሊም ነው የክርስቲያን የሚለውም እዚህ አገር የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። በየምግቡ ከመደጋገም ሜኑው አናት ላይ አንዴ ይጻፍ። መጠጥ ላይ ደግሞ ብርዝና ጠጅን እንዳታምታቺ። ብርዝ ያልፈላ የማር ውሃ ነው፤ «የማር ወይን» ካልሽው አልኮል የማይጠጣ ሰው ያልፈዋል።

ስለ ፎቶው ልንገርሽ። የላኩልኝ ሜኑ ላሚኔት የተደረገ ስለነበር መብራቱ አንጸባርቆበታል። ክትፎው ሥር ያለውን «ለብ ለብ» ካሜራው «ልብ ልብ» ብሎ አነበበው፤ ከዚያ ክትፎው የልብ ሥጋ ሆኖ አረፈው። ለ እና ል የሚለያዩት በአናታቸው ላይ ባለች ትንሽ እጥፋት ነው፤ ብርሃን ሲያርፍባት ትጠፋለች። ስለዚህ መጀመሪያ ፊደሉን ራስሽ አንብበሽ ገልብጪው፣ ከዚያ ነው ትርጉም። በቴሌግራም ከላኩልሽ በፋይል መልክ ይላኩ፤ በተራው መንገድ ሲላክ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። ፍላሽ አጥፍተው ትንሽ ከጎን ቢያነሱት ይሻላል። ክትፎ ላይ ጥሬ፣ ለብ ለብ፣ የበሰለ የሚሉት ሦስቱ በግልጽ ተለይተው ይውጡ። ጥሬ ሥጋ ሳያውቅ የቀረበለት የውጭ ሰው በቀላሉ አይረሳም።

ያልገባሽን ለባለቤቱ አትደውዪ፤ ለወጥ ቤቷ ደውዪ። እኔ ሦስት ነገር ነው የምጠይቃት፦ ምን ሥጋ ነው፣ ቅቤ አለው ወይ፣ በርበሬ ነው አልጫ? ስንት ጊዜ ባለቤቱ የነገረኝንና እሷ የምትሠራውን ሁለት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ዱለት ላይ ከባለቤቱ ጋር መጨቃጨቅሽ አይቀርም። ጨጓራ፣ ጉበትና ቀይ ሥጋ ተከትፎ በቅቤና በሚጥሚጣ የሚሠራ ብዬ ስጽፍለት «ጨጓራውን አውጪልኝ፣ ማን ያዘዋል?» አለኝ። አላወጣሁትም። ከፈለገ «ደፋር ለሆነ» ብለህ ጨምርበት አልኩት፤ እውነትም ጨመረው።