«አደረግን» ያለው ሰው እሱ ራሱ ምን አደረገ?

«ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላለ የልብስ ፋብሪካ የላይን ሱፐርቫይዘር እየቀጠርን ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ "ምርት አሳደግን፣ ችግር ፈታን" ነው የሚሉት። ራሳቸው የሠሩትን ቡድኑ ከሠራው በምን ጥያቄ ልለይ? ጠበቅ አድርጌ ስጠይቅ ደግሞ ይደነግጡብኛል።»

እህቴ፣ እኔም እዚሁ ሐዋሳ በልብስ ስፌት ፋብሪካ ቅጥር ላይ ስሠራ ዓመታት አልፈዋል። ከተወዳዳሪዎቹ በፊት የራስሽን ጥያቄ እይው። አብዛኞቻችን «ያኔ ምን አደረጋችሁ?» ብለን ነው የምንጀምረው። «አደረጋችሁ» የተባለ ሰው «አደረግን» ቢል ምን ይገርማል? በአክብሮት «ከዚያ ምን አደረጉ?» ካልሽ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ግሱ ለ«እርስዎ»ም ለ«እነሱ»ም አንድ ስለሆነ፣ ሰውየው ስለ ባልደረቦቹ የተጠየቀ መስሎት ስለ እነሱ ያወራልሻል። እኔ ይህ ብዙ ጊዜ ደርሶብኛል። አሁን ሁሌም «እርስዎ ራስዎ» ወይም «አንቺ ራስሽ» ብዬ ነው የምጠይቀው።

ደግሞ «እኛ» ያለ ሁሉ የሰው ሥራ እየወሰደ አይደለም። «እኔ እኔ» የሚል ሰው በእኛ ዘንድ አይወደድም። ቤትም ትምህርት ቤትም ያደግነው እንደዚያ ነው። ስለዚህ በ«እኛ» ምክንያት ነጥብ አትቀንሺ። ማስታወሻሽ ላይ ምልክት አድርገሽ እለፊው፣ ኋላ ትመለሺበታለሽ። ከ«እኛ» ይልቅ እኔን ይበልጥ የሚያስቸግረኝ «ተለየ፣ ተወሰነ፣ ተስተካከለ» የሚለው ነው። እዚያ ውስጥ ሠሪው ጭራሽ የለም።

አንድ ጊዜ የገጠመኝን ልንገርሽ። የምንፈልገው እንደ አንቺው ሱፐርቫይዘር ነበር። በአንድ ቀን ጠዋት አንድ ወጣት፣ ከሰዓት አንዲት ወጣት ቀረቡ። ሁለቱም የመጡት ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ የሸሚዝ ላይን ነው። ሁለቱም ረዳት ሱፐርቫይዘር ነበሩ። የነገሩንም አንድ ታሪክ ነው፦ ኮሌታ መግጠሚያው ላይ ሥራ እየተከመረ ላይኑ በሰዓት ከ51 ሸሚዝ አላልፍ አለ፣ ዕቅዱ 60 ነበር፣ ኋላ ተፈታ።

ልጁ ሲያወራ ደስ ይላል። «ችግሩን ለየነው፣ ሰው ጨመርን፣ ዕቅዱን መታን» አለ። እስኪጨርስ አላቋረጥኩትም። ከዚያ ወደ መጀመሪያው መለስኩት።

«ችግሩ ኮሌታው ላይ መሆኑን መጀመሪያ ያየው ማን ነው?»

«ሁላችንም እናየው ነበር። ክምሩ ግልጽ ነው።»

«ያን ዕለት ጠዋት አንተ ራስህ የት ነበርክ?»

ትንሽ አሰበ። «ፊኒሺንግ ጋ ነበርኩ። የምርት ኃላፊው ጠራኝና ሰው ፈልግ አለኝ።»

«ከዚያ አንተ መጀመሪያ ያደረግከው ምንድን ነው?»

እዚህ ጋ አወራሩ ተለወጠ። ጎረቤት ላይን ሄዶ ኮሌታ የምትችል ኦፕሬተር እንዲያውሱት ለመነ። የዚያ ላይን ሱፐርቫይዘር እምቢ አለችው፣ እሷም የራሷ ዕቅድ አለባት። እሱ ግን ከራሱ ላይን ሁለት ረዳቶች ለሦስት ቀን እንዲሄዱላት አደረገና ተስማሙ። ይህን ሲነግረን «ለመንኩ፣ እምቢ አለችኝ፣ ሰጠኋት፣ ወሰድኩ» ነው ያለው። ማንም «እኔ በል» አላለውም። ሰው ራሱ የሠራው ቦታ ላይ ሲደርስ ግሱ በራሱ ይዞራል። እኔ የምጠብቀው ያንን ነው።

«ኮሌታ መግጠም ስንት ሰከንድ ይፈጅ ነበር?» ብዬ ስጠይቀው «ሰባ አካባቢ፣ የለካሁት ግን እኔ አይደለሁም» አለኝ። ይህን ማለቱን ወደድኩለት።

ከሰዓት ልጅቷ መጣች። ታሪኳ አንድ ደቂቃ አልሞላም። «ኮሌታው ላይ ችግር እንዳለ ታወቀ። ጥናት ተደረገ። ተስተካከለ።» አጠገቤ የተቀመጠው ባልደረባዬ ዝቅተኛ ነጥብ መጻፍ ጀምሮ ነበር።

«ጥናቱ ሲደረግ አንቺ እጅሽ ላይ ምን ነበር?» አልኳት።

«ስልኬ።»

«ስልክሽ ምን ይሠራል?»

«ሰዓት ይዤበት ነበር። አሥር ኮሌታ ለካሁ። ሰባ ሰከንድ ነው የሚመጣው።»

ከዚያ እጇን አንስታ አሳየችን። ኦፕሬተሯ እያንዳንዱን ኮሌታ ለሁለት ታጥፋለች፣ መሃሉን በጥፍሯ ትጫነዋለች፣ ከዚያ ነው ከሸሚዙ ጀርባ መሃል ጋር የምታገጥመው። ይህ ብቻ 14 ሰከንድ ይወስዳል። ኮሌታው መሃሉን የሚያሳይ ኖች ኖሮት ቢመጣ ኖሮ ማጠፍ አያስፈልግም ነበር። ኮሌታ የሚዘጋጅበት ክፍል ግን ኖቹን መምታት ትቷል። ልጅቷ አምስት ኮሌታ ይዛ እዚያ ሄደች። ኃላፊው «ሥራ ያዘገይብኛል» አላት። እሷም ላይኑ ድረስ አምጥታ ኦፕሬተሯ ጀርባ አቆመችው፣ ስታጥፍ እንዲያይ። ኖቹ ሲመለስ ሥራው ወደ 56 ሰከንድ ወረደ። በሰዓት 64 ማለት ነው፣ ለዕቅዱ ይበቃል።

«ይሁን ብሎ የወሰነው ማን ነው?» አልኳት። «የምርት ኃላፊው። እኔ ቁጥሩን ነው የሰጠሁት» አለች።

በመጨረሻ ከሁሉም የምወደውን ጥያቄ ጠየቅኳት፦ «ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያንቺ ሥራ ያልሆነው የቱ ነው?» ሳታመነታ «ለሦስት ቀን የተዋስናት ኦፕሬተር። እሷን ያመጣት ጓደኛዬ ነው። ያን ሳምንት ጭነቱ የወጣው በእሷ ነው» አለች። ልጁ ጠዋት ምን እንዳለን አታውቅም።

እይው እንግዲህ። ሁለቱም አልዋሹም። ልጁ ጭነቱን አድኗል፣ ልጅቷ ክምሩ እንዳይመለስ አድርጋለች። «ሰው ጨመርን፣ ተስተካከለ» ላይ ቆመን ቢሆን ግን አፉ የተባውን ብቻ ቀጥረን እንሄድ ነበር።

ያቺን የመጨረሻ ጥያቄ በደንብ ያዣት። ሥራው ውስጥ የነበረ ሰው የራሱ ድርሻ የት እንደሚያልቅ ያውቃል፣ ከዚያ ወዲያ የማን እንደሆነም ይነግርሻል። ከሩቅ ያየ ሰው ግን ድንበሩን አያውቀውም። ወይ «ሁሉም ረድቶኛል» ይልሻል፣ ወይ ሁሉንም ለራሱ ያደርጋል። ለሰውም ይቀላል፣ ምክንያቱም ራስሽን አወድሽ ሳይሆን ሌላውን አመስግኚ እያልሻት ነው። በልኳ «እኔ» ለማለት የምታፍር ልጅ እዚህ ላይ ትከፈታለች።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ዝርዝር የነገረሽ ሁሉ ሠሪ ነው ማለት አይደለም። ዓይኑ ንቁ የሆነ ሰው ቆሞ ያየውን አንድ በአንድ ሊነግርሽ ይችላል። ልዩነቱ የዝርዝሩ ዓይነት ላይ ነው። ያየ ሰው የሆነውን ይነግርሻል። የሠራ ሰው ደግሞ ሞክሮ ያልሆነለትን ጭምር ያውቃል። ስለዚህ «መጀመሪያ ሞክረሽ ያልሠራው ምንድን ነው?» በያት። ልጅቷ ለዚህ ወዲያው መልስ ነበራት። መጀመሪያ ኦፕሬተሯ መሃሉን በጠመኔ እንድታመለክት አድርጋ ነበር፣ ጠመኔው ነጩ ጨርቅ ላይ ስለማይታይ ተወችው። ይህን ቆሞ የሚያይ ሰው አያስታውሰውም።

ከመማሬ በፊት የሠራሁትን ስሕተትም ልንገርሽ፣ ዛሬም ይቆጨኛል። በፊት በነበርኩበት አንድ ቦታ «የጥራት ጉድለቱን በግማሽ ቀነስን» ያለ ሰው ቀጠርን። ታሪኩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተሰደረ ነበር። ሥራ ሲጀምር ግን የሁለት ሳይዝ ባንድል ተቀላቅሎ ላይኑ ቢቆም የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ኋላ ሲገባን እሱ የሠራው የዕለቱን ጉድለት ቆጥሮ ቦርድ ላይ መጻፍ ነበር። አልዋሸንም። «ቀነስን» አለ፣ እኛ «ቀነስኩ» ሰማን። ማን ምን እንዳደረገ አንድም ጥያቄ አልጠየቅነውም።

ስለ መደንገጣቸው ያልሽው እውነት ነው። ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስደነግጣቸው የጥያቄው ጊዜና አጠያየቁ ነው። ታሪኩ መሃል ላይ «እኛ ስትል ማን ነው?» ብለሽ ካቋረጥሽው የተጠረጠረ ይመስለዋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሙሉ ይናገር። ከዚያ እንዲህ በይው፦ «ቡድኑ ጥሩ እንደሠራ ገብቶኛል። አሁን የምጠይቅህ ስላንተ ብቻ ነው፣ ሌሎቹን ባትጠቅስ ቅር አይለኝም።» ይህችን አስቀድመሽ ስትነግሪው ትከሻው ሲወርድ ታያለሽ። ለሁሉም ተወዳዳሪ በተመሳሳይ ቃል ንገሪው፣ አለዚያ አንዱን ረድተሽ አንዱን ትበድያለሽ።

አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀሽ ዝም በይ። ዝምታው ከረዘመ «መፍትሔውን ያመጣኸው አንተ ነህ አይደል?» ብለሽ አትርጂው። ለዚያ «አዎ» ከማለት ሌላ ምን ምርጫ አለው? «ብትሆን ኖሮ ምን ታደርግ ነበር?» የሚለውም አይጠቅምሽም፣ ሐሳቡን እንጂ ሥራውን አያሳይሽም።

45 ደቂቃ ካለሽ ሁለት ታሪክ ይበቃል። ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ መቆፈሪያ ያዢለት። አራትና አምስት ታሪክ ከሰበሰብሽ ሁሉም ከላይ ከላይ ይቀራል። ታሪኩ ካለፉት ሁለት ዓመታት ቢሆን ይሻላል። የአምስት ዓመት ነገር ላይ ሰከንዱን ያልያዘውን ሰው ውሸታም አትበይው፣ ማናችንም አንይዘውም።

ማስታወሻ ስትጽፊ ደግሞ ግሱን እንዳለ ጻፊው። «ለካሁ» ካለች «ለካሁ»፣ «ተለካ» ካለች «ተለካ»። «ልኬት ላይ ልምድ አላት» ብለሽ ካጠቃለልሽው ማታ ነጥብ ስትሰጡ ልዩነቱ ጠፍቶ ታገኚዋለሽ። የእኔና የባልደረባዬ ክርክር ያን ዕለት ያለቀው ወረቀቴ ላይ ከአንደኛው ደቂቃ ሦስት «ተ»፣ ከዚያ በኋላ ካሉት ደቂቃዎች ዘጠኝ «ሁ» ቆጥሬ ሳሳየው ነው።

ልጅቷን በሱፐርቫይዘርነት ቀጠርናት። የመጨረሻውን ከመወሰናችን በፊት በእሷ ፈቃድ ለቀድሞ አለቃዋ ደውለን ነበር። «ጎበዝ ናት ወይ?» አላልነውም። «ያ የኮሌታ ኖች ነገር ሲፈታ ማን ምን ያዘ?» ነው ያልነው። እሱም ከእሷም ከልጁም የሰማነውን ደገመልን። ልጁን ከሁለት ወር በኋላ ለላይኖች ሰው የሚያከፋፍል ሠራተኛ ስንፈልግ ደውለን ጠራነው።