ወተት ሲፈላ ምኑ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሰላም ነዎት? ላም ካላቸው ጎረቤታችን በየጠዋቱ አንድ ሊትር ወተት እገዛለሁ። እናቴ «ሲፈላ ጉልበቱ ይጠፋል» እያለች ለሁለት ዓመት ልጄ ጥሬውን ትሰጠዋለች። የፓኬቱንማ «ውሃ ነው» ትለዋለች። ላሟ ጤነኛ ናት፣ ሴትዮዋም ንጹሕ ናቸው። ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እናትዎን አይቆጧቸው፤ ግን ከነገ ጀምሮ ወተቱ ይፈላ።

እኔን የምታሳስበኝ «ላሟ ጤነኛ ናት» የምትለዋ ነገር ናት። ብሩሴላ የሚባለው ባክቴሪያ የያዛት ላም አንዴ ታስወርድ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ትበላለች፣ ትወልዳለች፣ ትታለባለች። ጀርሙ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱ ግን አይሸትም፣ ቀለሙም አይለወጥም። የላም ቲቢም እንደዚሁ ነው፤ ላሟ ሳትከሳና ሳታስል ብዙ ወራት ትቆያለች። የሴትዮዋ ንጽሕና ከእጅና ከዕቃ የሚገባውን ቆሻሻ ይቀንሳል። ከላሟ ውስጥ የሚመጣውን ግን አያስቆመውም።

አንድ ወጣት ታካሚ ነበረኝ። ማታ ማታ ያተኩሰዋል፣ አንሶላው እስኪርስ ያልበዋል፣ ወገቡን ያመዋል፤ ጠዋት ደግሞ ደህና ነው። ሁለት ጊዜ «ታይፎይድ ነው» ተብሎ መድኃኒት ወስዷል፤ ሻል ይለውና ይመለስበታል። ወተት እንዴት እንደሚጠጣ ስጠይቀው ሳቀ። «ከጡቷ ሲወርድ በትኩሱ ነዋ!» አለኝ። የደም ምርመራው ብሩሴላ ሆነ። ለስድስት ሳምንት ሁለት ዓይነት መድኃኒት መዋጥ ነበረበት። ልጅዎ ከሳምንት ያለፈ ትኩሳት ከያዘው ወይም አንገቱ ላይ እብጠት ካዩ፣ ጥሬ ወተት ይጠጣ እንደነበር ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ። የአንገቱ እብጠት የላም ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ለቲቢ ከሚሰጡት የተለመዱ መድኃኒቶች አንዱ፣ ፒራዚናማይድ፣ እሱ ላይ አይሠራም።

ወደ ጉልበቱ ልመለስ። ፋብሪካ ውስጥ ወተቱ 72 ዲግሪ ድረስ ይሞቅና 15 ሰከንድ ቆይቶ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ፓስቸራይዝ ማድረግ የሚባለው ይኸው ነው፤ ውሃ አይጨመርበትም። ካልሲየሙ፣ ስኳሩ፣ ቫይታሚን ኤው ባለበት ይቆያል። ፕሮቲኑም መልኩን ትንሽ ይቀይር እንደሆነ እንጂ ለልጅ ያው ፕሮቲን ነው። ከቢ ቫይታሚኖች አንዳንዶቹ ጥቂት ይቀንሳሉ፤ ቢ12 ለምሳሌ አንድ አሥረኛ ያህል። ቤት ውስጥ ስናፈላው ደግሞ ከዚያ ትንሽ ይበልጣል። ቫይታሚን ሲም ይቀንሳል፤ ግን ወተት ድሮም የቫይታሚን ሲ ምግብ አይደለም። ለእሱ ብርቱካን አለልዎት። የፓኬቱ ወተት ቀጠን ያለ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ቅባቱ ስለሚቀነስ ነው፤ ያ ደግሞ ከማሞቁ ጋር አይገናኝም።

ሲፈላ ከላይ የሚጋገረውን ስልባቦት አውጥተው የሚጥሉ ከሆነ ግን እናትዎ ትንሽ እውነት አላቸው። እሱ ቅባትና ፕሮቲን ነው፤ መልሰው ያማስሉት።

አፈላሉ ላይ አንድ ነገር ልበል። ወተት የሚገነፍለው ስልባቦቱ እንፋሎቱን ሲያፍነው ነው። አረፋው ከፍ ሲል ብዙዎቻችን ሮጠን እናወርደዋለን፤ ከሥሩ ያለው ግን እኩል ሞቆ ላይሆን ይችላል። እሳቱን ቀንሰው እያማሰሉ አንድ ሁለት ደቂቃ ይተዉት፣ በቃ። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። «ታዲያ እኛ ጋ አይበስልማ» የሚሉኝ አሉ። ከ72 ጋር ያወዳድሩት፤ ይተርፋል።

እርጎውን አልጠየቁኝም፤ ግን ከዚያው ጥሬ ወተት እንደሚረጋ እገምታለሁ። ወይራ የታጠነ ቅል መዓዛው ግሩም ነው፤ መኮምጠጡም አንዳንድ ጀርሞችን ያዳክማል። ብሩሴላና የቲቢ ጀርም ግን እርጎ ውስጥ ቀናት ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ አፍልተው ለብ እስኪል ያቀዝቅዙት፣ ከዚያ ከፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ ሁለት ማንኪያ ይጨምሩበት። ማፍላት የሚያረጉትንም ባክቴሪያዎች ስለሚገድል፣ ያለ እርሾ ቢተዉት ይበላሻል እንጂ አይረጋም።

እሳት የማያወጣውም አለ። ላሟ በመርፌ እየታከመች ከሆነ የአንቲባዮቲኩ ቅሪት ወተቱ ውስጥ ይኖራል፤ ቢፈላም አይጠፋም። የሻገተ ፋጉሎ ከበላች ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ወደ ወተቷ ያልፋል፤ እሱንም ማፍላት አያጠፋውም። እንግዲህ ጎረቤትዎን ከንጽሕናቸው ይልቅ እነዚህን ሁለቱን ይጠይቋቸው፦ ላሟ መድኃኒት ከወሰደች ስንት ቀን ሆናት? ፋጉሎውስ የት ነው የሚቀመጠው?