ሕፃናትን ለምትለኩ ወጣቶች፦ የቁመት ልዩነት ከየት ይመጣል?

ውድ ልጆቼ፣ በሐዋሳ ቀበሌዎች ለሕፃናት ቁመት ጥናት ልትወጡ በምትዘጋጁበት በዚህ ሰዓት፣ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች አንዱን ሕፃን ለክተው ለምን የተለያየ ቁጥር እንደሚጽፉ ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ብዙ ሰው በመለኪያ ሰሌዳው ያሳብባል፤ በእኔ እምነት ግን አብዛኛው ልዩነት የሚመጣው ከእጅ ነው። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ተኝቶ ሲለካ ረዳቷ ጭንቅላቱን በሁለት እጇ ይዛ ከቋሚው ጫፍ ጋር ታስነካለች፤ ለኪዋ ደግሞ ጉልበቱን በቀስታ ተጭና ተንቀሳቃሹን ሰሌዳ ከሁለቱም ተረከዞች ጋር ታገጥማለች። ሕፃኑ ሲያለቅስ ጉልበቱን ስለሚያጥፍ፣ ለመጫን የምትሳሳ ለኪ ቁመቱን ታሳጥረዋለች። ሰሌዳውን በጣቶቹ ጫፍ ላይ የምታቆም ደግሞ ታስረዝመዋለች። (ሹሩባና የፀጉር ጌጥም እንዲሁ ያስረዝማሉ፤ እናቲቱን አስፈቅዶ መፍታት ነው።)

ስለዚህ ከመስክ በፊት እያንዳንዷ ለኪ 10 ሕፃናትን ሁለት ሁለት ጊዜ ትለካለች፤ ሁለተኛው ዙር ሳይጀመር የመጀመሪያው ወረቀት መሰብሰብ አለበት፣ አለበለዚያ የቀድሞውን ቁጥር መድገም ይመጣል። ለምሳሌ የአንዷ ልዩነቶች በሚሊሜትር 2፣ 4፣ 0፣ 6፣ 3፣ 1፣ 5፣ 2፣ 12 እና 3 ናቸው እንበል። እያንዳንዱን በራሱ አባዝተን ስንደምር 248 ይሆናል፤ ለ20፣ ማለትም ለሕፃናቱ ቁጥር እጥፍ፣ አካፍለን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ ወደ 3.5 ሚሊሜትር የሚጠጋ ስህተት እናገኛለን። ከ248ቱ ውስጥ 144ቱ የመጣው ግን 12 ሚሊሜትር ከተለያየው ከአንዱ ሕፃን ነው። በዚያ ልጅ ላይ ልዩነቱ እንደ ሌሎቹ 2 ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ወደ 2.3 ይወርድ ነበር። አሠልጣኙ እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ያ ልጅ ሲለካ እግሩን ማን እንደያዘው ነው።

ይህ ስሌት የማይዘው ነገርም አለ። ሁልጊዜ 8 ሚሊሜትር አስረዝማ የምትለካ ባለሙያ ሁለቱ ቁጥሮቿ ስለሚስማሙ ጎበዝ ትመስላለች፤ የምትታወቀው ያንኑ ሕፃን ከለካው አሠልጣኝ ቁጥር ጋር ስትነጻጸር ብቻ ነው።

አንዱ ሲያስረዝም ሌላው ሲያሳጥር ስህተቱ ይካካሳል ብላችሁም እንዳትዘናጉ። አማካዩ ባይነካም የቁጥሮቹ ስርጭት ይሰፋል፤ ልጅ ቀንጭሯል ከሚባልበት የቁመት መስመር ጥቂት ከፍ ብለው ያሉት ልጆች ጥቂት ዝቅ ካሉት ስለሚበዙ፣ በስህተት ወደ ታች የሚወርዱት ወደ ላይ ከሚወጡት ይበልጣሉ፣ መቀንጨሩም ከእውነቱ በላይ የበዛ ይመስላል።

መስክ ከወጣችሁ በኋላ ማታ ማታ የቅጾቹን የመጨረሻ አሃዝ ቁጠሩ። ከ0 እስከ 9 ያሉት በግምት እኩል መታየት አለባቸው፤ የአንዷ ለኪ ቅጾች በ0 እና በ5 ከተሞሉ ሚሊሜትሩን ሳታነብ እያጠጋጋች ነውና፣ በማግሥቱ ጠዋት አብራችኋት ውጡ።