አንዱ ሳሙና ስንት ነው የሚፈጀው?

«ተማሪ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ሳሙና እየሠራሁ እሸጣለሁ። አንዱ 20 ይፈጃል፣ በ35 እሸጠዋለሁ። ስመረቅ ሥራ ከመፈለግ ይሄንኑ ላስፋፋው ብዬ አስቤ ነበር። ግን እጄ ላይ ይሄ ነው የሚባል ገንዘብ አይቀርም። የት እየሄደብኝ ነው?»

20 ያልሽው የዘይቱ፣ የኮስቲክ ሶዳውና የሽቶው ብቻ ይመስለኛል። አንድ ዙር 50 ሳሙና ይወጣዋል እንበል፤ ግብዓቱ በጠቅላላው 1000 ነው ማለት ነው። ታዲያ ሃምሳውም ይሸጣል? ጫፍና ጫፉ ተስተካክሎ ይቆረጣል፣ አንዳንዱ ይሰነጠቃል፣ አንድ ሁለቱ ለናሙና ይሰጣል። 45 ከተሸጠ 1000ውን ማካፈል ያለብሽ ለ45 ነው። ግብዓቱ ብቻውን 22 ገባ። የተበላሸው ሳሙና ወጪ የትም አይጠፋም፤ ደህነኞቹ ናቸው የሚሸከሙት።

አሁን ጉልበትሽን አስቢ። ከመመዘን እስከ መጠቅለል፣ ዕቃ ማጠቡም ሳይቀር፣ በሰዓት ያዢው። ብዙ ሰው ማደባለቁን ብቻ ይቆጥርና መጠቅለሉን ይረሳል፤ ጊዜ የሚበላው ግን እሱ ነው። 5 ሰዓት ፈጀ እንበል። ሌላ ሰው ብትቀጥሪ በሰዓት 80 የምትከፍዪ ከሆነ 400 ይሆናል። ሳሙናው የሚደርቅባቸው ሳምንታት አይቆጠሩም፤ እዚያ ላይ አንቺ እየሠራሽ አይደለም።

ወረቀትና ስቲከር፣ የተቀደደው ተጨምሮ፣ 135። ግብዓት ለማምጣት 90፣ ሳሙናውን ለማድረስ 180 ትራንስፖርት።

1000፣ 400፣ 135 እና 270 ሲደመር 1805 ነው። ለ45 ሲካፈል 40 ይመጣል። በ35 ስትሸጪ በእያንዳንዱ ላይ 5 እየከሰርሽ ነው።

«ታዲያ ኪሴ ለምን ጭራሽ ባዶ አልሆነም?» ትዪ ይሆናል። ለራስሽ ስለማትከፍዪ ነው። ጉልበትሽን ብናወጣው ወጪው 1405፣ ሽያጩ 1575 ነው። 170 ይተርፋል። ለ5 ሰዓት ሲካፈል፣ በሰዓት 34 እየተከፈለሽ ነው ማለት ነው። ሥራ ልቀጠር ወይስ ይሄን ላስፋፋ ስትዪ፣ ከደመወዝ ጋር የምታወዳድሪው ይህንን 34 ነው።

ትራንስፖርቱ ላይ ጠንቀቅ በዪ። 45ቱን በአንድ ጉዞ ካደረስሽ 180ው ለአንዱ 4 ይደርሰዋል። 15 ብቻ ይዘሽ ከሄድሽ ግን 12 ነው፤ ታሪፉ አይቀንስልሽም። ስለዚህ ከተወሰነ ቁጥር በታች ትዕዛዝ አላደርስም ማለት፣ ወይም ማድረሻውን ለብቻው ማስከፈል፣ ዋጋ ከመጨመርም ሊቀልሽ ይችላል።

ቁርጥራጩን መልሰሽ አቅልጠሽ ከሸጥሽው ያስገኘልሽን ከወጪው ቀንሺ፤ ለማቅለጥ የፈጀብሽን ሰዓት ግን ደምሪበት። ቅርጽ ማውጫውንና ሚዛኑን እስካሁን አላስገባሁም። የተገዙበትን ዋጋ፣ እስኪያረጁ ይሠሩልኛል ለምትዪው የሳሙና ብዛት አካፍዪና በአንዱ ላይ ጨምሪ።

የእኔ ቁጥሮች ምሳሌ ናቸው። የሚቀጥለውን ዙር ስትሠሪ ደብተር አጠገብሽ ይሁን። ስንት ግብዓት ገባ፣ ስንት ሳሙና ተሸጠ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ፤ እነዚህን በዕለቱ ጻፊና ሂሳቡን በራስሽ ቁጥር ድገሚው።