ሙያ ስትቀይሩ ሪክሩተር እንዲያገኛችሁ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ 8 ዓመት ሂሳብ ሠራሁ። አሁን ወደ ዳታ ትንተና መግባት እፈልጋለሁ። ሊንክድኢን ላይ ከስሜ ሥር «ወደ ዳታ ትንተና ለመሸጋገር የምጥር አካውንታንት» ይላል። አንድም ሪክሩተር አልጻፈልኝም። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ ሪክሩተር አብዛኛውን ጊዜ የሥራ መደብ፣ ክህሎትና ቦታ ጽፎ ነው የሚፈልገው። «የምጥር» ብሎ የሚፈልግ የለም። መስመሩ 220 ፊደል ያህል ይይዛል፤ መጀመሪያውን ለምትፈልገው መደብ ስጠው። ለምሳሌ፦ «የፋይናንስ ዳታ አናሊስት | SQL፣ Power BI | 8 ዓመት በሂሳብ ሥራ»። ማስታወቂያዎቹ በእንግሊዝኛ ከሆኑ መስመሩም በእንግሊዝኛ ይሁን።

«የፋይናንስ» የምትለዋን እንዳትጥላት። SQL የሚችል ሞልቷል። የወር መዝጊያ ሂሳብ ለምን እንደማይታረቅ የሚያውቅ አናሊስት ግን ብዙ የለም። ስለዚህ መጀመሪያ የፋይናንስ ክፍሎች ላይ አነጣጥር።

ጥያቄ፦ እኔም አካውንታንት ነኝ። ታዲያ የድሮ መደቤን ራሱን «ዳታ አናሊስት» ብዬ ብቀይረውስ? ፍለጋው ላይ ቶሎ እወጣለሁ።

መልስ፦ መውጣቱንስ ትወጫለሽ። የቀድሞ መሥሪያ ቤትሽ ሲጠየቅ ግን ጉድ ይፈላል። መደቡን ተይውና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ቀይሪ። «ወርሃዊ ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ» ምንም አይናገርም። «ሁለት ጊዜ የተከፈሉ ደረሰኞችን የሚለይ ሪፖርት ሠርቻለሁ» ግን ትንተና ነው፤ በእርግጥ ሠርተሽው ከሆነ። ያንኑ ሥራ በፈጠራ ቁጥር ደግመሽ ሥሪና ገጽሽ ላይ አሳዪው። የመሥሪያ ቤቱን ዳታ ግን እንዳትነኪ።

ጥያቄ፦ እኔ ለገጼ ሎጎና ቀለም ላሠራ ነበር። የትኛው ቀለም ይሻላል?

መልስ፦ ገንዘብህን ያዝ። በቀለም የሚፈልግ ሪክሩተር የለም።

ጥያቄ፦ እኔ ነርስ ነኝ። የሆስፒታል ሶፍትዌር ወደሚሠሩ ድርጅቶች መሄድ አስቤአለሁ። ሥራ እየፈለግሁ መሆኔን የሚያሳየውን Open to Work ባበራው አለቃዬ ያየው ይሆን?

መልስ፦ ለሁሉም ከከፈትሽው ያየዋል። ለሪክሩተሮች ብቻ የሚለው አማራጭ ከራስሽ ድርጅት ሪክሩተሮች ሊሰውርሽ ይሞክራል፤ ሙሉ ዋስትና ግን አይሰጥም። ፎቶ ላይ የሚወጣውን አረንጓዴ ቀለበት በተመለከተ እኔ አልወደውም። የቸገረው ያስመስላል።

ሌላ አባል፦ እኔ ሰው እቀጥራለሁ፤ በዚህ አልስማማም። ቀለበቱን ሳይ መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፣ ቶሎ እጽፋለሁ።

መልስ፦ እንደ ቀጣሪው ነው ማለት ነው። እኔ የማውቃቸው ሌላ ይላሉ።

ጥያቄ፦ ለውጡ መሥራቱን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ገጽህ ላይ በፍለጋ ስንት ጊዜ እንደወጣህ የሚያሳይ ቁጥር አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ካልጨመረ ችግሩ መስመሩና የክህሎት ዝርዝሩ ላይ ነው። በፍለጋ እየወጣህ ማንም ካልጻፈልህ ግን የሥራ ልምዱን ጽሑፍ እንደገና አንብበው። ምናልባት አሁንም እንደ ሂሳብ ሠራተኛ እየተናገርክ ይሆናል።